በስልክ ነግረሽው የሚጻፍ ስም

ጥያቄ፦ «ሥዕል እሠራለሁ፣ በተለይ የልጆች መጽሐፍና የመጽሔት ሥዕል። ፎቶም አነሳለሁ። ብዙ ጊዜ የምሥለውም የማነሳውም ጉሊት፣ ሱቅ በደረቴ፣ ታክሲ ተራ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በየቦታው ያለሁት kiducha_21 በሚል ስም ነው። ባለፈው አንድ አሳታሚ ፖርትፎሊዮሽን ላኪልኝ ሲለኝ ሊንኩን ለመላክ አፈርኩ። ሙሉ ስሜን፣ ቅድስት መኮንንን ላድርገው ስል ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል መሰለኝ። ባለሙያ የሚመስል፣ ግን እኔን እኔን የሚሸት ስም እንዴት ላውጣ?»

ምላሽ፦

ቅድስት፣ ኪዱቻ በሚለው ቁልምጫ አትፈሪ። እሱ ቢያንስ የአንቺ ነው፣ ሰው የሚጠራሽ ነው። የሚያስቸግርሽ ከኋላው የተንጠለጠለው ሰረዝና ቁጥር ነው። 21 ሲታይ ስሙ ተይዞ ስለነበር የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ የሚያየው ሰው ደግሞ ወይ ዕድሜሽ ነው ወይ የልደት ቀንሽ ነው ብሎ ይገምታል። ሁለቱም ከሥዕልሽ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

እኔ ለመጻሕፍትና ለመጽሔቶች ሥዕልና ፎቶ የሚሠሩ ሰዎችን እየመረጥኩ የማዝ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንድ ዩዘርኔም ከእጅሽ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚደርስበት ልንገርሽ፤ ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ሥራሽን አይቼ ከወደድኩት ሊንኩን ለአዘጋጁ በቴሌግራም እልካለሁ። አዘጋጁ ሊንኩን ከመላክ ይልቅ ስክሪንሾት አንስቶ ለድርጅቱ ባለቤት ያሳያል። ስክሪንሾት ደግሞ ቢነኩት አይከፍትም፤ ባለቤቱ የግድ ስሙን አይቶ በጣቱ መጻፍ አለበት። ከሳምንት በኋላ ያው ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ይደውልና «ያቺ የጉሊት ሥዕል የሠራችው ልጅ ማን ነበር ስሟ?» ይለኛል። በቃል እነግረዋለሁ። ሥራው ከተሰጠሽና መጽሐፉ ከታተመ ደግሞ ስሙ በትንሽ ፊደል ከመብት መግለጫው ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ ወረቀት ስለሆነ እዚያም የሚነካ ሊንክ የለም። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ስሙ የሚተላለፈው በጆሮና በእጅ ነው።

አሁን kiducha_21ን በስልክ ልንገረው እንበል። «ኪዱቻ ብለህ ጻፍ።» «በኬ ነው በኪው?» «በኬ። ቻው በሲ ኤች። ከዚያ ሰረዝ።» «መሀል ላይ ያለችው ሰረዝ?» «አይ፣ ታች ያለችው።» «እሺ፣ ከዚያ?» «ሃያ አንድ፣ በቁጥር።» እዚህ ስንደርስ ሰውዬው «በቃ በኋላ ላክልኝ» ይላል። ከዚያ ይረሳዋል፣ እኔም እረሳዋለሁ። ታች ያለችው ሰረዝ ሌላም ጣጣ አላት፤ ሊንክ በኢሜይልም ሆነ በወርድ ፋይል ውስጥ ከሥሩ ሲሰመርበት ሰረዟ ከመስመሩ ጋር ተዋህዳ ትጠፋለች፣ የሚያነበው ሰው ባዶ ቦታ ይመስለዋል።

ስለዚህ «ባለሙያ የሚመስል» የሚባለው ነገር ለእኔ ከቁም ነገረኛነት ጋር ብዙም አይያያዝም። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሳይጠይቅ የሚጽፈው ስም ባለሙያ ይመስላል። ቀልድ ያለበትም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስሙ የሚገባበትን ልክ እንወቅ። እያንዳንዱ መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ኢንስታግራም እስከ 30 ሆሄ ይፈቅዳል፣ ነጥብም፣ ታች ያለችውን ሰረዝም፣ ማለትም አንደርስኮርን፣ ይቀበላል። ቲክቶክ እስከ 24 ነው። ኤክስ፣ የድሮው ትዊተር፣ ከ15 አያሳልፍም፣ ነጥብም አይቀበልም። ቴሌግራም ደግሞ ከ5 ሆሄ ያነሰ አይወስድም፣ ነጥብ አይፈቅድም። የራስሽ ድረ ገጽ እንዲኖርሽ ዶሜይን ብትገዢ በስሙ ውስጥ አንደርስኮር ማስገባት አይቻልም። እነዚህን ስትደራርቢያቸው የሚተርፈው ጠባብ ቦታ ነው፦ ከ5 እስከ 15 ሆሄ፣ ነጥብም ሰረዝም የሌለበት፣ ፊደል ብቻ። ኤክስ ላይ መቼም አልገባም ብትዪ እንኳን 15ን ጠብቂ፤ ከዚያ የረዘመ ስም በቃል ሲነገር መሀሉ ላይ ይዘነጋል። በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑ የሚጠቅመው ለማማር ብቻ አይደለም። ኢንስታግራም ላይ kidist.m፣ ቴሌግራም ላይ kidist_m፣ ድረ ገጽ ላይ kidistm ከሆንሽ፣ አንዱን የያዘ ሰው ሌላውን ሲፈልግ የሚያገኘው ሌላ ቅድስትን ነው። ኢንስታግራም ነጥብ ያለውንና የሌለውን እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ነው የሚቆጥራቸው፤ ያለ ነጥብ የሆነውን ማንም ሊይዘው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእኛ ልዩ ራስ ምታት ነው። ስማችን በላቲን ሲጻፍ አንድ መልክ የለውም። ቅድስት Kidist ይሆናል፣ Kidest ይሆናል፣ Kedist ይሆናል፣ ቀን በq የሚጽፍ ሰው ደግሞ Qidist ይለዋል። መኮንንም Mekonnen፣ Mekonen፣ በድሮ የውጭ መጻሕፍት ደግሞ Makonnen ነው፤ የራስ ተፈሪ መኮንን ስም እንደዚያ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የትኛው ትክክል ነው ብለሽ አትከራከሪ፤ ፓስፖርትሽ ላይና ባንክ ደብተርሽ ላይ ያለውን ውሰጂ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከውጭ አሳታሚ ጋር ስትሠሪ ውል፣ ደረሰኝና የባንክ ማስተላለፊያ በዚያ አጻጻፍ ነው የሚወጡት፤ የገንዘብ ክፍል ሠራተኛ Qidist የሚል ፕሮፋይልና Kidist የሚል ሒሳብ ሲያይ ክፍያውን አቁሞ ጥያቄ ይጀምራል። ፓስፖርት ከሌለሽ ብዙ ሰው ሳያስብ የሚጽፈውን ምረጪ። ይህን ለማወቅ አምስት ሰዎችን «ቅድስትን በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ» ማለት ይበቃል፤ እኔ ብጠየቅ Kidist ብዬ ነው የምጽፈው።

የአባት ስምሽ ላይ ግን ልብ በዪ። kidistmekonnen 14 ሆሄ ነው፣ ልኩ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን መሀሉ ላይ ያለችው ድርብ n በስልክ አትሰማም። መኮንን ስትዪው የሚሰማው ሰው አንድ n አድርጎ ከጻፈ ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል ወይም ባዶ ገጽ ይመጣበታል። ይህ ሙሉ ስምን የሚያስጥል ጥፋት አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። የአባት ስሟ ገብረማርያም ወይም ወልደሚካኤል የሆነ ሰው ደግሞ ከ15 ስለሚያልፍ ጥያቄው ገና ከጅምሩ ያልቃል።

ብዙ ሰው ሙሉ ስሙን ሲሸሽ የሚሄድበት መንገድ ስሙ ላይ የሙያ ቃል መቀጠል ነው፦ art፣ ink፣ studio፣ photo። በአንቺ ስም ላይ ይህን እንሞክረው፤ ምክንያቱም ቅድስት በst ስለሚያልቅ ወጥመዱ ጥሩ አድርጎ ይታያል። ዩዘርኔም ክፍተትም ትልቅ ፊደልም የለውም፤ አንባቢው ራሱ ነው የሚቆርጠው፣ የሚቆርጠውም በሚያውቀው ቃል ላይ ነው።

kidistart አንቺ «ቅድስት፣ አርት» ብለሽ ነው የጻፍሽው። አማርኛ የማያውቅ እንግሊዝኛ አንባቢ ግን መጀመሪያ kid፣ ቀጥሎ is፣ መጨረሻ ላይ tart ሊያይበት ይችላል፤ tart በእንግሊዞች አፍ ሴትን የሚሰድቡበት ቃል ነው። ሌላው ደግሞ start ያይና የልጆች ትምህርት ቤት ይመስለዋል። kidistink ይብሳል። በጥቁር ቀለም ስለምትሥዪ ink መምረጥሽ ያስኬዳል፤ ግን st እና ink ሲጋጠሙ stink ይወጣል፣ ይሸታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ካየሽው በኋላ ሌላ ነገር ማየት አትችዪም። kidiststudio ላይ ደግሞ st ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይመጣል፤ በቃል ሲነገር አንዱ ይዋጣል፣ የሰማው ሰው kidistudio ብሎ ይጽፋል። ከዚያም በላይ ስቱዲዮ ሲባል ደንበኛው ብዙ ሠራተኛ ያለበት ቤት ጠብቆ ይመጣል፣ ዋጋም ሲጠይቅ እንደዚያው ነው። kidistphoto ምንም አያስነውርም፣ ግን ከሥራሽ ግማሹን ይቆርጠዋል። የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ ፎቶ የሚል ስም ሲያይ ሥዕል መኖሩን ለማየት ገብቶ አይፈትሽም፤ ቀጣዩን ያያል።

ስለዚህ ስም ስታወጪ መገጣጠሚያውን ተመልከቺ። የመጀመሪያው ቃል የመጨረሻ ሁለት ሦስት ሆሄና የሁለተኛው መጀመሪያ ሲጋጠሙ ምን ቃል ይወልዳሉ? በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ጽፈሽ እንግሊዝኛ የሚያነብና አንቺን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ አድርጊ። ሌላ ቦታ ላይ ከቆረጠው ስሙ አልሆነም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ «እኔን እኔን የሚሸት» ወዳልሽው። ሦስት የታወቁ ሰዎችን ብናይ መንገዱ ይገለጣል። የአዲስ ፎቶ ፌስት መሥራች አይዳ ሙሉነህ ኢንስታግራም ላይ aidamuluneh ናት፤ ስም ከነአባት፣ ሌላ ምንም የለም። ግን ገጿን የከፈተ ሰው ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ፊቶችን ሲያይ ደረቅ ነው አይልም። ሥራው ጠንካራ መልክ ካለው ስሙ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ሁለተኛው ጀርመናዊው ሠዓሊ ክሪስቶፍ ኒማን ነው። ስሙ abstractsunday ነው፤ በኒው ዮርክ ታይምስ ከነበረው አምድ የመጣ ነው። ቃሉ ከውጭ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፣ ከሥራው ውስጥ የወጣ ነው፤ ደግሞም ሁለቱም ቃላት ማንም የሚጽፋቸው ናቸው። ሦስተኛው በ2010 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎችን ፎቶ ማንሳት የጀመረው ብራንደን ስታንተን ነው። ዩዘርኔሙ humansofny ነው። በኋላ ኢራንና ፓኪስታን ሄዶ ሲያነሳም ስሙ ያው የኒው ዮርክ ሰዎች ነበር። እሱ በጣም ከመታወቁ የተነሳ ማንም ጥያቄ አላነሳበትም። አንቺ ግን addis የሚል ቃል ስምሽ ላይ ብታስገቢና ሐዋሳ ወይም ዱባይ ብትሄጂ፣ የሚፈልግሽ ሰው አዲስ አበባ ያለሽ እየመሰለው ይቀራል።

ከእነዚህ የምወስደው ይህን ነው። ስብዕና ስም ላይ የሚገባው በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ከሥራሽ መውጣት አለበት፣ ከስሜትሽ ወይም ከምኞትሽ አይደለም። dreamer፣ soul፣ magic የሚሉ ቃላት የማንም ስለሆኑ የማንንም አያሳዩም። ቃሉ አምስት ዓመት ቆይቶም እውነት መሆን አለበት። ዛሬ ጉሊት ስለምትሥዪ ጉሊት ብትዪው፣ ነገ የልጆች እንስሳት መጽሐፍ ሲመጣልሽ ስሙ ወደ ኋላ ይጎትትሻል። ቃሉ አማርኛ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛዎቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ ግን ላቲን ላይ አንድ ዓይነት ብቻ የሚጻፍ አማርኛ መሆን አለበት። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ያለበት ቃል አይሆንም፣ ሰዉ በየራሱ ነው የሚጽፋቸው። ለፎቶ አንሺ ጥላ ጥሩ ቃል ይመስላል፤ tila ብለሽ ጻፊውና ለአንድ ሰው አንብቢለት፣ tela ብሎ ሲጽፍልሽ ጠላ ቤት ከፍተሻል ማለት ነው።

አንቺ በጻፍሽው ውስጥ ጉሊቱን፣ ሱቅ በደረቴውንና ታክሲ ተራውን የሚያስተሳስር አንድ ነገር አለ፤ ሰፈር ነው። ሰፈርን በላቲን ብዙ ሰው sefer ብሎ ነው የሚጽፈው። የቦታ ስም አይደለም፤ ሐዋሳም ሰፈር አለ፣ ዱባይም ሐበሾች የተሰበሰቡበት ሰፈር አለ። ለልጆች መጽሐፍም አይጎረብጥም። ከእሱ ላይ ይህን ሠራሁ፦ kidistkesefer። ቅድስት ከሰፈር። ዘጋቢ ዜናውን ጨርሶ ስሙንና ያለበትን ቦታ እንደሚናገረው ነው የሚነበበው፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈገግ ይላል፣ የማያውቀው ደግሞ ስምና የቤተሰብ ስም መስሎት ያልፋል። ሁለቱም አይጎዱሽም።

በፈተናዎቹ እናሳልፈው። ርዝመቱ 13 ነው፤ ኤክስም ይወስደዋል፣ ቴሌግራምም፣ ዶሜይንም ይሆናል። ቁጥር፣ ነጥብ፣ ሰረዝ የለውም። መገጣጠሚያው tk ነው፤ በእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምርበትም የሚያልቅበትም ስላልሆነ አንባቢው ሳይወድ እዚያ ላይ ይቆርጣል፣ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። በስልክ ስነግረው «ቅድስት፣ ከሰፈር፣ አንድ ላይ ነው የሚጻፈው» ብዬ እጨርሳለሁ። ይበልጥ አደጋ ያለው ቅድስት ላይ ነው፣ e አድርጎ የሚጽፍ ሰው ይኖራል፤ ለእሱ kidestkesefer የሚለውንም ኢንስታግራም ላይ ባዶ ገጽ አድርገሽ ያዢውና ወደ ዋናው የሚመራ አንድ መስመር ጻፊበት። ነፃ መሆኑን ራስሽ ዛሬውኑ ፈትሺ። ኢንስታግራም፣ ቴሌግራም፣ የፖርትፎሊዮ ድረ ገጹ ቢሃንስና .com ላይ አንድ በአንድ፤ ከዚያ ጎግል ላይ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተሽ ፈልጊ። አንድ ቦታ ላይ እንኳን ንቁ ሠዓሊ ወይም ፎቶ አንሺ ይዞት ካገኘሽ ተዪው፤ መጨረሻው ላይ ፊደል ጨምሮ መጠጋት ደንበኞችሽን ለእሱ ማስረከብ ነው።

ሁለት ልብ ከሆንሽ ሙሉ ስምሽን ውሰጂ። እኔ ሠዓሊ ስመርጥ በሙሉ ስሙ ምክንያት የተውኩት ሰው የለም። kidistkesefer የሚሻለው ሰፈርን ገና ለብዙ ዓመት የምትሥዪው ከሆነ ነው፤ ያንን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

የመረጥሽው ምንም ይሁን፣ ሌላውን ስም አትጣዪው። ዩዘርኔም አንድ ነገር ነው፣ ከላይ በደማቁ የሚታየው ስም ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ቦታ ያባክናል። ኢንስታግራም ላይ የሚታየው ስም ፊደላችንን ይቀበላል፣ ሰው ሲፈልግም ይገኛል። እዚያ ላይ «ቅድስት መኮንን Kidist Mekonnen» ብለሽ በሁለቱም ፊደል ጻፊ። በአማርኛ የሚፈልግሽም፣ ከፓስፖርት ላይ አይቶ የሚፈልግሽም ያገኝሻል። ደረቁን ሥራ ይህ መስመር ይሠራልሽና ዩዘርኔሙ ትንሽ እንዲጫወት ነፃ ይወጣል። ሙያሽን ከሥሩ ባለው መግለጫ ላይ አስቀምጪው። ሠዓሊ የሚለውን ሰው በሠም በሰም፣ በዓም በአም ስለሚጽፈው ፍለጋ ላይ አትመኪበት፤ «የመጽሐፍ ሥዕል፣ ፎቶ» ብትዪ ይሻላል፣ ሥራ የሚሰጥሽ ሰው የሚገዛውን ነገር ያያል። ስም መስመሩን በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ መቀየር ስለማይፈቀድ ፊደሉን አጣርተሽ ጻፊ። ለታተመ ሥራ የስም መጥቀሻ ሲጠይቁሽም ሁለቱን አንድ ላይ ስጪ፦ «ሥዕል፦ ቅድስት መኮንን፣ @kidistkesefer»። ውልና ደረሰኝ ላይ ግን ዩዘርኔም አይግባ፤ እዚያ የባንክ ሒሳብሽ ስም ብቻ ነው።

ከ kiducha_21 ስትወጪ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። አዲስ ገጽ ከፍተሽ ከዜሮ አትጀምሪ፤ ያለውን ገጽ ስም ቀይሪው፣ ተከታዮችሽና ሥዕሎችሽ አብረው ይሄዳሉ። የማይሄደው አሮጌው ሊንክ ነው። instagram.com/kiducha_21 የሚለው ወደ አዲሱ አይመራም፣ ይሞታል። ስለዚህ ከመቀየርሽ በፊት ያ ሊንክ የት የት እንዳለ ጻፊ፦ የላክሻቸው የፒዲኤፍ ፖርትፎሊዮዎች፣ የኢሜይል ፊርማሽ፣ ሌሎች መድረኮች ላይ ያለው መግለጫሽ፣ የሠራሽላቸው ድርጅቶች ድረ ገጽ። ድርጅቶቹን አንድ አጭር መልእክት ላኪላቸው፣ አብዛኞቹ በደቂቃ ያስተካክሉታል። ኢንስታግራም አሮጌውን ስም በአብዛኛው ለ14 ቀን ያህል መልሰሽ እንድትወስጂ ይተውልሻል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ክፍት ነው። ክፍት በሆነ ጊዜ በሌላ ኢሜይል ራስሽ ያዢውና አንድ ሥዕልና አዲሱን ስም አስቀምጪበት። የታተመ ነገር ላይ አሮጌው ስምሽ ካለ ይህን መዝለል የለብሽም፤ ወረቀቱ አይስተካከልም፣ ማንም ያንን ስም ይዞ አንቺን መስሎ ከሰው ገንዘብ ሊቀበል ይችላል።

ቴሌግራም ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። የግል ገጽ፣ ቻናል፣ ግሩፕና ቦት ሁሉም ስም የሚያወጡት ከአንድ ከረጢት ነው፤ kidistkeseferን ለግል ገጽሽ ካደረግሽው ለቻናልሽ መስጠት አትችዪም። ንጹሑን ስም ለቻናሉ ስጪው፣ ሥራሽ የሚታየው እዚያ ነውና። የግል ገጽሽ ያለ ዩዘርኔም ቢሆን ምንም አይልም፤ ወይም kiducha ነፃ ከሆነ እዚያ ላይ ኪዱቻን አኑሪያት፣ ጓደኞችሽ እንደለመዱት ይጠሩሽ።

ዶሜይኑን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። .com ከሚሸጡት ብዙዎቹ የውጭ ድርጅቶች ስለሆኑ ክፍያቸው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይፈልጋል፣ እኛ አገር ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ እንዲከፍልለት ይጠይቃል። ይክፈሉልሽ፣ ግን በእነሱ አካውንት እንዳያስመዘግቡት። መጀመሪያ አንቺ በራስሽ ኢሜይልና በራስሽ ስም አካውንት ክፈቺ፣ የባለቤት ስም በሚለው ቦታ ላይ የአንቺ ይሁን፣ ከዚያ ካርዱን ብቻ ያስገቡልሽ። በዘመድ ስም የተመዘገበ ዶሜይን በሕግ የዘመድ ነው፤ ኢሜይሉን ከረሳው ወይም ካርዱ ካለቀ በየዓመቱ የሚታደሰው ክፍያ ሳይከፈል ያልፍና ስሙ ወደ ገበያ ይመለሳል። አድራሻሽም አብሮ ይጠፋል፣ kidist@kidistkesefer.com ብለሽ ለአሳታሚዎች የሰጠሽው ኢሜይል ጭምር። የማደሻ ማስታወቂያው ወደ አንቺ ኢሜይል እንደሚመጣ ያረጋገጥሽ ቀን ሊንኩን ለዚያ አሳታሚ ላኪለት።